እድፉ ሲጠፋ ስሙም እንዳይጠፋ፦ የደበዘዙና ውሃ የነካቸው የብራና ገጾችን በቀለም ቻናል ስለ ማንበብ

(ለሕዝብ የቀረበ ንግግር፣ ሙሉ ቃል)



በወግዲ፣ በቦረና እና በአካባቢው ደጋ ክረምቱ ምን ያህል እንደሚበረታ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። የቤተ ክርስቲያን ጣሪያ አንድ ቦታ ሲያፈስ ውሃው ዕቃ ቤት ይገባል፤ ከዕቃ ቤትም ማኅደር ውስጥ ይዘልቃል። መጽሐፉን ሲያገኘው ደግሞ በቅድሚያ የሚነካው የመጀመሪያዎቹንና የመጨረሻዎቹን ቅጠሎች ነው። ጉዳቱን የሚያከፋው እዚህ ላይ ነው። የወንጌሉ ንባብ ራሱ በሌላ ቅጂ ሊገኝ ይችላል። ነገር ግን አባቶቻችን የርስት ስጦታን፣ የንዋየ ቅድሳት ዝርዝርንና የወሰን ስምምነትን የሚጽፉት «ወርቅ ወንጌል» በሚባለው መጽሐፍ ባዶ ቅጠሎች ላይ ነበር፤ እነዚህም በአብዛኛው በመጽሐፉ መጀመሪያና መጨረሻ ያሉት ቅጠሎች ናቸው። ስለዚህ ውሃው ቀድሞ የሚያጠፋው በዓለም ላይ አንድ ቅጂ ብቻ ያለውን ጽሑፍ ነው።

ዛሬ የምናገረው እንዲህ ያለውን ገጽ ብራናውን ሳንነካ፣ በፎቶግራፍና በኮምፒዩተር ብቻ እንዴት እንደምናነብ ነው። ከዚህም ጋር ማሳሰብ የምፈልገው አንድ አደጋ አለ፤ እድፉን የሚያጠፋልን ዘዴ የምንፈልገውን ስም አብሮ ሊያጠፋው ይችላል።

አንድ ፎቶግራፍ፣ ሦስት ሥዕል

የቀለም ፎቶግራፍ በውስጡ ሦስት ጥቁርና ነጭ ሥዕሎችን ይዟል። አንዱ ከገጹ የተመለሰውን ቀይ ብርሃን፣ ሁለተኛው አረንጓዴውን፣ ሦስተኛው ሰማያዊውን ይለካል። እያንዳንዳቸው «ቻናል» ይባላሉ። በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ ያለው ብርሃን ከ0 እስከ 255 ባለው ቁጥር ይመዘገባል፤ 0 ጥቁር፣ 255 ነጭ ነው። ዓይናችን ሦስቱን ደባልቆ ስለሚያይ በአንዱ ቻናል ጐልቶ የተቀመጠው ፊደል በሌሎቹ ድብዝዝነት ይዋጥብናል።

አሁን አንድ ገጽ በሐሳባችሁ አኑሩ። ንጹሕ ብራና፣ በላዩ ቡናማ የውሃ እድፍ፣ ጥቁር ጽሑፍ፣ ከዚያም የቅዱሱ ስም በቀይ ቀለም። ቁጥሮቹን ለማስረጃ እንዲመቹ አድርጌ ያዘጋጀኋቸው እኔ ነኝ፤ አካሄዳቸው ግን በእውነተኛው ገጽ ላይ የሚታየው ነው። ንጹሑ ብራና በቀይ 215፣ በአረንጓዴ 195፣ በሰማያዊ 160 ይሁን። እድፍ ያለበት ብራና ደግሞ 170፣ 125 እና 75። ቡናማ እድፍ ሰማያዊውን ብርሃን አብዝቶ ይውጣል፤ ቀዩን ግን በአመዛኙ ይመልሳል። ደብዘዝ ያለው ጥቁር ቀለም በንጹሑ ብራና ላይ 90፣ 80 እና 70 ይሁን።

በሰማያዊው ቻናል እንመልከት። እድፍ ያለበት ባዶ ብራና 75 ነው፤ በንጹሕ ብራና ላይ ያለ ፊደል 70 ነው። ኮምፒዩተሩ ባዶውን እድፍ ከፊደል ሊለየው አይችልም ማለት ነው። ወደ ቀዩ ቻናል እንሻገር። እድፉ 170፣ ፊደሉ 90 ነው። በእድፉ ሥር ያለው ፊደል ደግሞ ወደ 71 ይወርዳል። እድፉ ቀለል ያለ ጥላ ይሆናል፤ ፊደሉ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ውሃ ያበላሸውን ገጽ ሲያገኙ ብዙዎች በቀዩ ቻናል የሚጀምሩት ስለዚህ ነው።

ችግሩ ከዚህ በኋላ ይመጣል። በንጹሕ ብራና ላይ ያለው ቀይ ጽሑፍ 175፣ 70 እና 55 ነው እንበል። ቀይ ቀለም ቀይ ብርሃንን ይመልሳል፤ ስለዚህ በቀዩ ቻናል 175 ሲሆን ከባዶው እድፍ ከ170 ጋር እኩል ለመሆን ጥቂት ቀረው። እድፉን ያነጻው ቻናል የቅዱሱን ስም አብሮ አነጻው! ስጦታው ለየትኛው ደብር እንደ ሆነ የሚናገረው ቃል ጠፍቶ ሌላው ሁሉ በጥሩ ሁኔታ ይነበባል። አንባቢውም ያ ቦታ ከመጀመሪያው ባዶ ነበር ብሎ ሊያምን ይችላል። በአረንጓዴው ቻናል ግን ብራናው 195፣ ቀዩ ጽሑፍ 70 ነው፤ በእድፉም ላይ 125 እና 45 ያህል ይሆናሉ። ስሙ እዚያ ይገኛል።

ስለዚህ ሕጉ አጭር ነው። ጥቁሩን በእድፍ ላይ ለማንበብ ቀዩን፣ ቀዩን ጽሑፍ ለማንበብ አረንጓዴውን ቻናል ተመልከቱ፤ ሁለቱንም ጐን ለጐን ሳታስቀምጡ «እዚህ ምንም አልተጻፈም» አትበሉ።

አሠራሩ

ከሁሉ በፊት ፎቶግራፉ ነው። ብርሃኑ ከግራና ከቀኝ እኩል፣ ወደ 45 ዲግሪ ያህል ዘንበል ብሎ ይምጣ፤ ካሜራው ከገጹ ጋር ትይዩ ይሁን። ከገጹ ዳር ግራጫ ወይም ነጭ ወረቀት አኑሩ፤ ቀለሙን በኋላ ለማስተካከል ይጠቅማል። ምስሉን በጥሬ ፋይል፣ ማለትም «ሮው» በሚባለው ዓይነት አስቀምጡ። ጄፔግ ፋይሉን ለማሳነስ ሲል የቀለምን መረጃ ከብርሃን መረጃ ይልቅ አብዝቶ ይቀንሳል፤ ዓይን አያስተውለውም፤ ቻናሎቹን ስትለያዩ ግን በተለይ ሰማያዊው በትናንሽ አራት ማዕዘኖች ተከፋፍሎ ይታያል። የእነዚያ ጠርዞች የፊደል ጭረት ይመስላሉ።

ከዚያም ኢሜጅማጂክ በተባለው ነጻ ፕሮግራም የሚከተለውን መጻፍ ይበቃል፦

```
magick page.tif -separate ch_%d.tif
magick ch_0.tif -contrast-stretch 1%x1% red.tif
magick ch_1.tif -contrast-stretch 1%x1% green.tif
```

የመጀመሪያው መስመር ሦስቱን ቻናሎች ይለያል፤ `ch_0` ቀዩ፣ `ch_1` አረንጓዴው፣ `ch_2` ሰማያዊው ነው። ሁለቱ ቀጣይ መስመሮች ንጽጽሩን ይለጥጣሉ። መለጠጥ ማለት ይህ ነው፦ በእድፉ ክልል ቀዩ ቻናል ከ71 እስከ 170 ባለው ጠባብ ስፍራ ውስጥ ብቻ ቢገኝ፣ 71ን 0፣ 170ን 255 አድርጎ መካከሉን ማስፋት ነው። ልዩነቱ 99 ከነበረ 255 ይሆናል፤ ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ጨመረ። ትእዛዙ የሚለጥጠው ግን የቀረበለትን ሥዕል በሙሉ ስለ ሆነ፣ እድፉን ብቻ ቆርጣችሁ ብትሰጡት ይሻላል።

መለጠጥ አዲስ መረጃ አይፈጥርም። ፊደሉን ሲያገዝፍ የካሜራውን ብናኝ በዚያው መጠን ያገዝፋል። በሰማያዊው ቻናል ያንኑ ብናደርግ የ42 ልዩነትን በስድስት እናባዛለን፤ ብናኙም ስድስት እጥፍ ይሆናል። ቀድሞ ጥሩ ልዩነት ያለውን ቻናል መምረጥ ከመለጠጥ የሚቀድመው ስለዚህ ነው።

ምን አይመለስም?

የኛ ጥቁር ቀለም በአብዛኛው የሚሠራው ከጥላሸት ወይም አርሮ ከከሰለ እህል ነው፤ መሠረቱ ካርቦን ነው። ካርቦን በፀሐይ አይደበዝዝም፤ ዳሩ ግን በብራናው ላይ ተለጥፎ ስለሚቀመጥ ይፋቃል፣ ይቀረፋል። ሙሉ በሙሉ ተቀርፎ ከወደቀ በየትኛውም ቻናል የሚታይ ነገር የለም። በዚያን ጊዜ መብራቱን ከጐን፣ ከገጹ ጋር እስኪጠጋ ዝቅ አድርጋችሁ ተመልከቱ። ብዕሩ የተወው ጉድጓድና በወስፌ የተሰመሩት መስመሮች በጥላ ሊታዩ ይችላሉ።

በአውሮፓና በግሪክ መጻሕፍት የተለመደው ከብረት የሚዘጋጅ ቀለም የተለየ ጠባይ አለው። የአርኪሜድስን ሥራ የያዘው ታዋቂ የግሪክ ብራና ጽሑፉ ተፍቆ የጸሎት መጽሐፍ ተጽፎበት ነበር፤ ከ1990ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በባልቲሞር ሲመረመር የተፋቀው ጽሑፍ በቀይ ብርሃን ይጠፋ፣ በአልትራቫዮሌት ብርሃን ግን ይታይ ነበር። መርሑ ከኛው ጋር አንድ ነው፤ መልሱ ግን ተቃራኒ ነው። ስለዚህ የሌላውን አገር አሠራር እንዳለ መቅዳት አይበቃም፤ ቀለሙ ከምን እንደ ተሠራ መጠየቅ ይገባል።

ሌላም ገደብ አለ። በ1973 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ በሺህ የሚቆጠሩ መጻሕፍትን አንሥቶ አትርፎልናል። ፊልሙ ግን ጥቁርና ነጭ ነው። የቀለሙ ልዩነት ፊልሙ ላይ በተነሣበት ቀን ተዋሕዷል፤ ከእርሱ ቀይና አረንጓዴ ቻናል ዳግመኛ ማውጣት አይቻልም። እድፍ ያለበት ቅጠል በፊልም ተነሥቶም ቢሆን መጽሐፉ በሕይወት ካለ እንደገና በቀለም መነሣት ይኖርበታል።

የተሳሳተ ንባብ እንዴት ይታወቃል?

ፊደላችን ለዚህ ስሕተት የተጋለጠ ነው። «ወሀበ» ማለት ሰጠ፣ «ወሀቡ» ማለት ሰጡ ነው። ልዩነታቸው በበ ጐን የምትወጣ አንዲት ትንሽ ቅጥያ ናት። የእድፍ ጠርዝ በዚያ ቦታ ቢያልፍና ንጽጽሩ ቢለጠጥ፣ አንድ ሰው ያደረገው ስጦታ የብዙዎች ይሆናል። እንዲሁም በብራናው የጠጉር ወገን ያሉት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ሲጐሉ ሁለት ነጥብ መስለው ቃሉን ከመካከሉ ይከፍሉታል።

ሦስት ፈተናዎችን አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ጥቁሩ ጭረት በቀዩ ብቻ ሳይሆን በአረንጓዴውም መታየት አለበት፤ ጥቁር ቀለም ሁሉንም ብርሃን ይውጣልና። በሰማያዊው ጐልቶ በቀዩ የሚጠፋ ጭረት እድፍ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ሁለተኛ፣ ያንኑ ፊደል በዚያው ጸሐፊ እጅ በንጹሕ ገጽ ላይ ፈልጋችሁ አስተያዩ፤ ቅጥያው ከዚያኛው ቦታና ውፍረት ጋር ካልተስማማ ተጠራጠሩ። ሦስተኛ፣ ሁለት አንባቢዎች ሳይነጋገሩ ለየብቻ ጽፈው ከዚያ ያስተያዩ። የተለያዩበት ፊደል በቅንፍ ይቀመጥ።

ዋናውን ፎቶግራፍ ፈጽሞ አትለውጡት፤ የተጠቀማችሁበትን ትእዛዝም ከምስሉ ጋር አስቀምጡ። ነገ ስለ ወሰን ወይም ስለ ርስት ክርክር ቢነሣ ተከራካሪው «ይህ ፊደል ከብራናው ነው ወይስ ከኮምፒዩተሩ?» ብሎ የመጠየቅ መብት አለው። የምንመልስለት ያንን መዝገብ ይዘን ነው።