አገርን በፎቶግራፍ ስለ መለየት
ከመርጡለ ማርያም ደጋ እስከ ዓባይ በረሃ

የመሬት ጉዳይ ወደ ሹም ሲቀርብ ፎቶግራፍ ተያይዞ መምጣቱ የተለመደ ሆኗል። ሹሙም ከቦታው ሳይደርስ አፈሩ ምን ዓይነት እንደሆነ፥ ከአፈሩም ሥር የተኛው ድንጋይ ምን እንደሆነ መገመት ግድ ይሆንበታል። ግምቱ የሳተ እንደሆነ ኖራ የማያሻው እርሻ ኖራ ይላክለታል፤ የሚያሻውም ሳያገኝ የዘር ወራት ያልፍበታል። ስለዚህ ፎቶግራፍን በሥርዓት ማንበብ ይገባል። ሥርዓቱም አስቀድሞ የምድሩን ቅርጽ፥ ቀጥሎ ድንጋዩን፥ በመጨረሻ የአፈሩን ቀለም መመርመር ነው። ብዙ ሰው ግን ከቀለሙ ይጀምራል፤ ስሕተቱም ከዚያ ይወለዳል።

ለምሳሌ በምሥራቅ ጎጃም፥ በእነብሴ ሳር ምድር ከመርጡለ ማርያም ወጣ ብሎ ወደ ዓባይ ከሚያዘቀዝቀው ዳር ላይ የተነሣ ፎቶግራፍ እንውሰድ። በቅርብ የሚታየው የታረሰ ጥቁር ሜዳ ነው። ከሜዳው ጎን ያለው ተረተር ቀይ ነው። ከዚያ ወዲያ ምድሩ በድንገት ተቈርጦ ወደ ሸለቆው ይወርዳል፤ ከዓባይ ማዶም የወሎ ምድር ራሱ እንደ ገበታ ተስተካክሎ ይታያል።

አስቀድሞ የሚመረመረው ሰማይና ምድር የሚገናኙበት መሥመር ነው። ከወዲህም ከወዲያም ያለው ደጋ ራሱ ለጥ ያለ መሆኑ ትልቅ ምስክር ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የቀለጠ ድንጋይ ከምድር ስንጥቅ እየፈሰሰ ይህን አገር እንደ ጎርፍ አለበሰው፤ አንዱ ሲደርቅ ሌላው በላዩ እየፈሰሰ ብዙ ንብርብር ሆነ። ይህ ጥቁር ድንጋይ ባሳልት ይባላል። ዓባይ ኋላ ሲሰነጥቀው ጠንካራው ንብርብር ገደል ሆኖ ቀረ፤ በንብርብሮቹ መካከል ያለው ልል ክፍል ግን ፈርሶ ዳገት ሆነ። የገደሉ ጎን ደረጃ የሚመስለው ስለዚህ ነው። በሁለት ገደሎች መካከል ቀጭን ቀይ መሥመር ከታየ፥ ከአንዱ ፍሳሽ በኋላ የተፈጠረ ጥንታዊ አፈር በሚቀጥለው ፍሳሽ ተሸፍኖ መቅረቱን ይናገራል። ከሜዳው በላይ ደግሞ ጎኑ ቀስ እያለ የሚያድግ ሰፊ ተራራ ከታየ፥ እንደ ጮቄ ያለ፥ ኋላ በዚሁ ደጋ ላይ የተተከለ የእሳተ ገሞራ ተራራ ነው። የጮቄ ራስ ከ4000 ሜትር በላይ ከፍ ይላል፤ ዕድሜውም ከሥሩ ካለው ደጋ ያነሰ ነው።

ነገር ግን ደረጃ ብቻውን አይበቃም፤ የኖራ ድንጋይም ደረጃ ይሠራልና። ሁለቱ የሚለዩት በስንጥቃቸውና በውፍረታቸው ነው። ባሳልት ሲበርድ ቁልቁል ስለሚሰነጠቅ፥ ገደሉ ጎን ለጎን የተተከሉ ዓምዶች ይመስላል፤ የንብርብሩም ውፍረት ከቦታ ቦታ ይለያያል። የኖራ ድንጋይ ግን በባሕር ወለል ላይ በዝግታ የተነጠፈ ስለ ሆነ፥ ንብርብሩ እንደ መጽሐፍ ቅጠል እኩል ሆኖ እስከ ሩቅ ይቀጥላል። ቀለሙም ነጣ ያለ ወይም ቢጫ ቀላቅሎ ግራጫ ነው። ፀሐይና ዝናብ የቈየበት የኖራ ድንጋይ ፊቱ ሊጠቍር ስለሚችል ግን፥ ፍርድ የሚሰጠው ትኩስ ስብራት ባለበት፥ ማለትም መንገድ በቈረጠው ወይም ውሃ ባጠበው ቦታ ነው።

ይህን ለመማር ከጎሐ ጽዮን ተነሥቶ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ደጀን ከሚወጣው መንገድ የተሻለ የለም። ከደጀን ወደ ወንዙ የሚወርድ ሰው በመጀመሪያ ጥቁሩን ባሳልት፥ ቀጥሎ የአሸዋ ድንጋይ፥ ከዚያም 400 ሜትር ያህል ውፍረት ያለው የኖራ ድንጋይ ያገኛል። ከኖራው ሥር ጀሶ የተቀላቀለበት ልል ድንጋይ ይመጣል፤ ይህም ገደል ሳይሆን ውሃ የቦረቦረው ነጣ ያለ ዳገት ሆኖ ይታያል። ከሁሉ በታች ሌላ የአሸዋ ድንጋይ አለ። እንግዲህ በፎቶግራፉ ላይ ከላይ ጥቁር ደረጃ፥ ከሥሩም ነጣ ያሉ እኩል ንብርብሮች ከታዩ፥ ቦታው የዓባይ ወይም የገባሮቹ ጥልቅ ሸለቆ ነው ብሎ መገመት ይቻላል።

ሌላው አገር በዚሁ መንገድ ይለያል። በትግራይ ገርዓልታ ቀይ የአሸዋ ድንጋይ ቀጥ ብሎ እንደ ግንብ ይቆማል። በመቀሌ አካባቢ የኖራው ድንጋይ ራሱ ደጋ ሆኖ ይታያል፤ በጎጃም ግን ከባሳልቱ ሥር ተቀብሮ በሸለቆ ብቻ ይገለጣል። ስሜን ደግሞ እንደ ጎጃም ባሳልት ስለ ሆነ፥ የገደሉን ራስ ብቻ የሚያሳይ ፎቶግራፍ ሁለቱን አይለያቸውም። ጎሐ ጽዮንና ደጀንም በአንድ ሸለቆ ግራና ቀኝ ስለ ሆኑ ድንጋያቸው አንድ ነው። ፎቶግራፍ የሥነ ምድሩን ክፍል እንጂ ወረዳውን አይናገርም።

አሁን ወደ አፈሩ እንመለስ። በመርጡለ ማርያሙ ፎቶግራፍ ሜዳው ጥቁር፥ ተረተሩ ቀይ ነው። ይህን ያየ ሰው ድንጋያቸው ሁለት ዓይነት ነው ሊል ይችላል፤ ግን ሁለቱም ከአንድ ባሳልት የተወለዱ ናቸው። በተረተሩ ላይ ውሃው እየወረደ ስለሚሄድ በድንጋዩ ውስጥ ያለው ብረት አየር አግኝቶ ይዝጋል፤ አፈሩም ይቀላል። በሜዳው ግን ውሃው ስለሚተኛ በክረምት የሚያብጥ፥ በበጋ የሚሰነጠቅ ጥቁር ዋልካ ይሆናል። ተረተሩ ቀይ፥ ሜዳው ጥቁር ሆኖ መታየቱ እንዲያውም የባሳልት ደጋ ምልክት ነው። ጥርጣሬ ቢኖር የእርሻውን ካብ መመልከት ይበቃል፤ ገበሬ የካብ ድንጋይ ከሩቅ አያመጣምና፥ ካቡ ጥቁር ከሆነ አፈሩም ከጥቁር ድንጋይ የመጣ ነው።

ቀለሙም ራሱ ያታልላል። የማታ ፀሐይ አፈሩን ታቀላዋለች፤ ዝናብም ያጠቍረዋል። ስለዚህ በፎቶግራፉ ውስጥ ነጭ ነጠላ የለበሰ ሰው ካለ አስቀድሞ ነጠላውን መመልከት ነው። ነጠላው ወደ ቢጫ ወይም ወደ ቀይ ካደላ፥ የአፈሩ ቅላት ከብርሃኑ የተጨመረበት ነው።

የኖራው ጉዳይ የሚፈታው ከዚህ በኋላ ነው። ኮምጣጣነት ብዙ ዝናብ ባጠበው ቀይ አፈር ላይ ይበረታል፤ ዋልካው ግን ብዙውን ጊዜ ኖራ አያሻውም፥ የሚያሻው ውሃውን የሚያንጣፍፍ ቦይ ነው። ስለዚህ ከአንድ ቀበሌ የመጣ የኖራ ልመና ለሜዳውና ለተረተሩ አንድ ፍርድ ሊሰጠው አይገባም። ሆኖም ቀይ አፈር ሁሉ ኮምጣጣ አይደለም፤ የኮምጣጣነቱም መጠን በፎቶግራፍ አይታይም። ፎቶግራፉ የሚያገለግለው ናሙና ከየት ከየት እንዲወሰድ ለማመልከት ነው። ናሙናውም ከሜዳውና ከተረተሩ ለየብቻ፥ እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ተቈፍሮ፥ ሳይቀላቀል ይላካል።

ፎቶግራፍ የሚያስነሣ ሹም ሦስት ቢያስነሣ ይበቃል። አንደኛው ከሩቅ ሆኖ የሰማዩን መሥመርና ገደሉን የሚያሳይ ነው። ሁለተኛው ከቅርብ በዶማ የተሰበረ ድንጋይ፥ ትኩስ ፊቱ ወደ ብርሃን ዞሮ የሚታይበት ነው። ሦስተኛው በረፋድ ብርሃን የተነሣ የተቈፈረ ጉድጓድ፥ ነጭ ጨርቅ ከጎኑ ተነጥፎ የሚታይበት ነው። በጀርባቸው ቀኑ፥ የቦታው ስምና ፎቶግራፉ የተነሣበት አቅጣጫ ይጻፍባቸዋል።