ከፊት ያለው አውሮፕላን ትቶት የሚሄደው አዙሪት

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 15 ቀን 1993 ምሽት አንድ አነስተኛ ጄት ቦይንግ 757ን ተከትሎ፣ በካሊፎርኒያዋ ሳንታ አና ወዳለው ጆን ዌይን አየር ማረፊያ እየወረደ ነበር። አብራሪዎቹ የፊተኛውን በዓይናቸው እያዩ ስለነበር ርቀት መጠበቁ የራሳቸው ድርሻ ሆኖ ነበር። ጄቱ ድንገት ተገልብጦ ወደቀ፤ የነበሩበት 5 ሰዎች በሙሉ ሞቱ። ያኔ ከ757ቱ 4 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ኋላ፣ ከሄደበት መስመር ደግሞ 120 ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ ነበር።

አውሮፕላን በአየር ላይ የሚቆየው ከክንፉ በታች ያለው አየር ከላይ ካለው የበለጠ ስለሚገፋ ነው። የታችኛው አየር ታዲያ መውጫ ይፈልጋል፤ የሚያገኘውም በክንፉ ጫፍ በኩል ነው። እዚያ ዞሮ ወደ ላይ ሲጠቀለል፣ ከኋላ እንደ ተኛ ቀጭን አውሎ ነፋስ ያለ አዙሪት ይሠራል። ከግራና ከቀኝ አንድ አንድ፣ በተቃራኒ አቅጣጫ የሚሽከረከሩ ናቸው። አውሮፕላኑ በከበደና በዘገየ ቁጥር አዙሪቱ ይበረታል። ትንሽ አውሮፕላን ከአንዱ መሐል ሲገባ አንዱ ክንፉ ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ ታች ይገፋል፤ የአብራሪው መሪም ላይመልሰው ይችላል።

አዙሪቶቹ ባሉበት አይቆዩም፤ በደቂቃ ከ90 እስከ 150 ሜትር እየሰመጡ ይሄዳሉ። እስቲ የሳንታ አናውን እናስላ። ለማረፍ በሰዓት 270 ኪሎ ሜትር የሚበር አውሮፕላን 4 ኪሎ ሜትሩን በ53 ሰከንድ ያህል ይጨርሳል። በዚያ ጊዜ አዙሪቱ ከ80 እስከ 130 ሜትር ይወርዳል። ጄቱ የነበረው እዚያው ላይ ነው።

አዙሪት በዓይን ስለማይታይ ተቆጣጣሪዎች የሚመሩት በክብደት ነው። በዓለም አቀፉ የተለመደ ምድብ እስከ 7 ቶን ያለው ቀላል፣ እስከ 136 ቶን ድረስ መካከለኛ፣ ከዚያ በላይ ከባድ ይባላል፤ ኤርባስ 380 ለብቻው ተለይቷል። ከከባድ ኋላ ሌላ ከባድ ሲያርፍ 7 ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ይበቃዋል። መካከለኛው ከ9 በላይ፣ ቀላሉ ከ11 በላይ ይፈልጋል። ቦሌ ላይ የአገር ውስጥ በረራው ቦምባርዲየር ከ777 ኋላ መንገዱ ክፍት ሆኖ ሳለ ቆሞ ቢጠብቅ ምክንያቱ ይኸው ሊሆን ይችላል።

ግን መስመሩን ያሰመረው ሰው ነው፤ አዙሪቱ አያውቀውም። ያ 757 ቢበዛ 116 ቶን ያህል ስለነበር በአሜሪካ ሕግ ከከባዶቹ አይቆጠርም ነበር፤ አዙሪቱ ግን ከምድቡ የበረታ ነበር። አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በሞንታና ግዛት ሌላ አነስተኛ ጄት በ757 ኋላ ወድቆ 8 ሰዎች ሞተዋል። አሜሪካኖች በ1994 ለ757 የተለየ ርቀት አወጡ፤ በ1996 ደግሞ የከባዱን መነሻ ከ136 ወደ 116 ቶን ገደማ ዝቅ አደረጉት።

ርቀቱን ራሱ የሚጠብቅ አብራሪ ዛሬም ከትልቁ መስመር ከፍ ብሎ ይወርዳል፤ መንደርደሪያው ላይም ትልቁ ጎማውን ካሳረፈበት አልፎ ይነካል። ይበልጥ የሚጠነቀቀው ነፋስ በሌለበት ጸጥ ባለ ምሽት ነው፤ አዙሪቱን የሚበትንለት የለምና።