ሽብልቁ ለምን ነክሶ ይቀራል?

አንድ ወፍጮ ቤት ውስጥ አዲስ ማሽን ሲተከል ቆሜ እያየሁ ነው ይህ ጥያቄ የያዘኝ። የወፍጮው የብረት መቀመጫ በውሃ ልክ ሲታይ አንደኛው ጥግ ዝቅ ብሏል። ጥጉ ላይ ያረፈው ክብደት 1000 ኪሎ ገደማ ነው። ለክሪክ የሚበቃ ክፍተት ስላልነበረ ሠራተኛው ከጥጉ ሥር ላሜራ አነጠፈና አፉ የሳሳ የብረት ሽብልቅ ሰክቶ በመዶሻ ይመታ ጀመር። በእያንዳንዱ ምት ሽብልቁ ትንሽ ይገባል፣ ጥጉም በዓይን ለማየት በሚያስቸግር መጠን ይነሣል። ውሃ ልኩ ሲስተካከል መዶሻውን አስቀምጦ ሻይ ሊጠጣ ወጣ። 1000 ኪሎ ማንም ባልያዘው ሽብልቅ ላይ ተቀምጦ ቀረ።

ነገሩን ቆም ብለው ካሰቡት ይገርማል። ሽብልቅ እኮ ተዳፋት ነው። ከላይ የሚጫነው ክብደት በተዳፋቱ በኩል ወደ ኋላ ሊያስፈነጥረው ይገባ ነበር። እርጥብ ሳሙና በሁለት ጣት ሲጨመቅ የሚያፈተልከው በዚሁ ምክንያት ነው። ብረቱ ለምን እንደ ሳሙናው አልሆነም? መልሱ ያለው ሰበቃው ላይ ነው። ያ ሰበቃ ደግሞ ቀደም ሲል መቺውን ያደከመው ራሱ ነው።

ከመምታቱ እንጀምር። የሽብልቁ ታችኛ ፊት አግድም ነው፤ ላይኛው ፊት 10 ሴንቲ ሜትር በገባ ቁጥር 1 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል። በማዕዘን ሲለካ 5.7 ዲግሪ ይሆናል። ሰበቃ የሚባል ነገር ባይኖር ኖሮ 1000 ኪሎውን ለማንሣት የ100 ኪሎ ግፊት በበቃ ነበር፤ መንገዱ በ10 እጥፍ ስለረዘመ ግፊቱ በ10 እጥፍ ይቀንሳል። ብዙ ሰው ስለ ሽብልቅ የሚያውቀው እስከዚህ ድረስ ነው።

እውነተኛው ብረት ግን ይፋተጋል። ደረቅ ብረት በደረቅ ብረት ላይ ሲንሸራተት፣ ለሚጫነው ለእያንዳንዱ 100 ኪሎ 30 ኪሎ ያህል ግፊት ይጠይቃል ብለን እንያዝ። ሽብልቁ ደግሞ የሚፋተገው በሁለት ፊት ነው። ከታች ከላሜራው ጋር አለ። 1000 ኪሎው በሽብልቁ በኩል አልፎ መሬት ላይ ስለሚያርፍ፣ ይህን ፊት ብቻ ለማንሸራተት 300 ኪሎ ያስፈልጋል። ሽብልቅን በተዳፋትነቱ ብቻ የሚያስቡ ሰዎች የሚረሱት ይህንን ነው። ከላይ በኩል የሚያስፈልገው ደግሞ 412 ኪሎ ነው፤ 100ው ለተዳፋቱ፣ 300ው ለሰበቃው። የቀረችው 12 ኪሎ ከየት መጣች? ወፍጮው ተዳፋቱን ሽቅብ ሲንሸራተት ሰበቃው መቀመጫውን ቁልቁል ይጎትተዋል፤ ስለዚህ ሽብልቁ ላይ የሚያርፈው ጫና ከወፍጮው ክብደት በጥቂቱ ይበልጣል። የሁለቱ ፊቶች ድምር 712 ኪሎ ነው።

ስሌቱን በአንድ መስመር ማየት ለሚወዱ እነሆ። W ክብደቱ፣ α የሽብልቁ ማዕዘን፣ φ የሰበቃ ማዕዘን ነው፤ P መግፊያው ነው።

P = W × [tan(α + φ) + tan φ]

የሰበቃ ማዕዘን የሚባለውን ማንም ሰው ቤቱ ሊለካው ይችላል። አንድ ብረት በላሜራ ላይ ያስቀምጡና የላሜራውን አንድ ጫፍ ቀስ እያሉ ያንሡ። ብረቱ መንሸራተት ሊጀምር ሲል ላሜራው የያዘው ማዕዘን φ ነው። በአግድም 100 ሴንቲ ሜትር ላይ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ሲል ከተንሸራተተ፣ ማዕዘኑ 16.7 ዲግሪ ነው፤ ከላይ የያዝነው የ30 በመቶ ሰበቃም ያው ነው። ብረቱ 1 ኪሎ ይሁን 50 ኪሎ ማዕዘኑ አይለወጥም። የሚነካካው ፊት ስፋትም አይለውጠውም፤ ፈረንሳዊው ጊዮም አሞንቶን ይህንን በ1699 ለፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ ሲያቀርብ ለሰሚው የሚዋጥ አልነበረም።

እንግዲህ ከ712 ኪሎ ግፊት ውስጥ ለማንሣቱ የዋለው 100 ኪሎው ብቻ ነው። ከሰባት እጅ ስድስቱን ሰበቃ በልቶታል። ሰውዬው 712 ኪሎ ከየት አመጣ ቢሉ፣ መዶሻው ነው ያመጣለት። የ5 ኪሎ መዶሻ ከ1.8 ሜትር ከፍታ ቢወድቅ የሚኖረውን ብርታት ይዞ ሽብልቁን መታ እንበል። 5 በ1.8 ሲባዛ 9 ነው፤ 9 ለ712 ሲካፈል 1.26 ሴንቲ ሜትር ይመጣል። የመዶሻው ብርታት ሁሉ ሳይባክን ቢገባ ሽብልቁ በአንድ ምት ከዚህ በላይ አይገባም፤ ጥጉም የሚነሣው ከ1.3 ሚሊ ሜትር በታች ነው። በተግባር ብረቱ ስለሚነጥርና ስለሚነዝር ከዚያም ያንሳል። ጥጉ ሲነሣ በዓይን ለማየት ያስቸገረው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ሻይው ሰዓት እንምጣ። መዶሻው ከተነሣ በኋላ ሽብልቁን የሚገፉት ሁለት ነገሮች ብቻ ናቸው፤ ከላይ የወፍጮው መቀመጫ፣ ከታች መሬቱ። የሽብልቁ የራሱ ክብደት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ሁለት ሰዎች አንድን ዱላ ከሁለት ጫፍ ሲገፉት ዱላው ባለበት የሚቆመው፣ ግፊታቸው እኩል ሆኖ በአንድ ቀጥታ መስመር ላይ ፊት ለፊት ሲገናኝ ነው። ሽብልቁም እንዲሁ ነው። ሰበቃ ከሌለ እያንዳንዱ ግፊት ከሚነካው ፊት ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን ከመሥራት በቀር ምርጫ የለውም። ሁለቱ ፊቶች ደግሞ በ5.7 ዲግሪ የተዛነፉ ናቸው፤ ስለዚህ ግፊቶቹም በ5.7 ዲግሪ ይተላለፋሉ፣ ሽብልቁም እንደ ሳሙናው ያፈተልካል።

ሰበቃ ሲኖር ግን ግፊቱ ከዚያ ቀጥታ አቅጣጫ ዘመም ማለት ይችላል፤ ቢበዛ እስከ ሰበቃው ማዕዘን፣ ማለትም እስከ 16.7 ዲግሪ። የላይኛው 16.7፣ የታችኛውም 16.7። ሁለቱ ተደጋግፈው እስከ 33.4 ዲግሪ ድረስ ያለውን መዛነፍ ሊሸፍኑ ይችላሉ። የእኛ ሽብልቅ የሚጠይቀው 5.7 ብቻ ነው። ስለዚህ ግፊቶቹ ያለ ችግር በአንድ መስመር ይገናኛሉ፣ ሽብልቁም ነክሶ ይቀራል። ሕጉ ይኸው ነው፦ የሽብልቁ ማዕዘን ከሁለቱ ፊቶች የሰበቃ ማዕዘን ድምር መብለጥ የለበትም። ክብደቱ በሕጉ ውስጥ እንደሌለ ልብ ይበሉ። 10 ኪሎ ሥር የሚነክስ ሽብልቅ፣ ብረቱ እስካልተጨፈለቀ ድረስ፣ 10 ቶን ሥርም ይነክሳል።

ከዚህ የሚከተል አንድ ነገር አለ፤ እኔ በግሌ ከሁሉ የሚደንቀኝ እሱ ነው። ነክሶ የሚቀር ሽብልቅ ከመቺው ጉልበት ግማሹን እንኳ ወደ ማንሣት ሊለውጥ አይችልም። ክብደቱ ሽብልቁን ገፍቶ ለመውጣት ቢሞክር፣ ሲገባ የተፋተጉት ሁለት ፊቶች አሁንም መንገዱ ላይ ቆመው ይጠብቁታል። ለማንሣት ከዋለው ይልቅ ለሰበቃ የጠፋው ከበለጠ፣ ክብደቱ ሲወርድ የሚያገኘው ብርታት ያንን ሰበቃ ለመክፈል አይበቃውም። የመግባቱ ድካም የመቆየቱ ዋስትና ነው። ሁለቱን ለያይቶ አንዱን ብቻ መውሰድ አይቻልም።

ግራሶ ሲቀባ ይህ ውል ይለወጣል። ሰበቃው ከ30 ወደ 10 በመቶ ቢወርድ የሚያስፈልገው ግፊት ከ712 ወደ 302 ኪሎ ይቀንሳል፤ ለመቺው ትልቅ እፎይታ ነው። ነገር ግን የመንከሻው ወሰን ከ33.4 ወደ 11.4 ዲግሪ ይወርዳል። የ5.7 ዲግሪው ሽብልቅ አሁንም ይይዛል። 15 ዲግሪ የሆነ ወፍራም ሽብልቅ ግን በደረቁ ሲይዝ የነበረው ግራሶ ሲነካው ይተፋል። በወርክሾፕ ወለል ላይ ሳይታሰብ የፈሰሰ ዘይትም ያንኑ ያደርጋል። ሠራተኛው ይህንን የሚያውቀው በመዶሻው ነው፤ ሽብልቁ ከምቱ በኋላ ባለበት ከመቅረት ይልቅ ወደ ኋላ ከተመለሰ፣ ወይ ተዳፋቱ በዝቷል ወይ ፊቱ ሙልጭልጭ ሆኗል። ያን ጊዜ ደጋግሞ መምታት አይረዳም፤ ፊቱን መጥረግ ወይም ቀጠን ያለ ሽብልቅ መፈለግ ነው።

እስካሁን ያላነሣሁት አንድ ነገር አለ። ሽብልቁ ወደ ውስጥ ሲገባ ወፍጮውን ሽቅብ ብቻ ሳይሆን ወደ ጎንም ይገፋዋል፤ በእኛ ስሌት በ412 ኪሎ። ሠራተኛው መቀመጫውን አስቀድሞ ከሽብልቁ ጀርባ በኩል ካለው ግድግዳ ጋር በረጅም ሰንሰለት ያሰረው እንዳይሸሽበት ነው። በሰንሰለት ፋንታ ከፊት ያለ ግድግዳ ቢያስደግፈው ኖሮ፣ መቀመጫው ሲነሣ ግድግዳውንም ስለሚፋተግ ሦስተኛ ሰበቃ ይጨመርና የሚያስፈልገው ግፊት ወደ 813 ኪሎ ይወጣል። ዋናው ግን የድርብ ማዕዘኑ ሕግ ይህ ማገጃ በቦታው እንዳለ የሚቆጥር መሆኑ ነው። ሰንሰለቱ ቢፈታ ወፍጮው የሚተማመንበት የላይኛው ፊት ሰበቃ ብቻ ይሆናል፤ ወሰኑም ከ33.4 ወደ 16.7 ዲግሪ፣ በግማሽ ይቀንሳል። የ25 ዲግሪ ሽብልቅ ሰንሰለቱ ሳለ ነክሶ ይዞ፣ ሰንሰለቱ በተፈታ ቅጽበት ሸክሙ ከላዩ ተንሸራቶ ሊወርድ ይችላል። ቀጭኑ የ5.7 ዲግሪ ሽብልቅ ግን በሁለቱም ሁኔታ ይይዛል፤ ልምድ ያላቸው ሠራተኞች ቀጭን ሽብልቅ የሚወዱት በከንቱ አይደለም።

ያም ሆኖ ይህ ሁሉ ስሌት የሚሠራው ነገሩ ጸጥ ብሎ ሲቆም ነው። ወፍጮው ሲነሣ ይንቀጠቀጣል። በእያንዳንዱ መንቀጥቀጥ ጫናው ለቅጽበት ይላላል፤ በላላ ቁጥር ሽብልቁ በጸጉር ስፋት ልክ ወደ ኋላ ይሸሻል። ከሳምንታት በኋላ ውሃ ልኩ ሲታይ ጥጉ ዝቅ ብሎ ይገኛል። ስለዚህ ሠራተኛው ከሻይው ተመልሶ ሽብልቁን በሁለት ነጥብ ከላሜራው ጋር በየደው፤ ከመቀመጫው በታች ያለውን ክፍተትም በሲሚንቶ ሞላው። ሲሚንቶው ሲጠነክር ሸክሙን የሚሸከመው እሱ ነው።

ከመበየዱ በፊት ግን ጥጉ ከልክ በላይ ተነሥቶ ስለነበር ሽብልቁን ጥቂት መመለስ ነበረበት። በእጁ አልሞከረውም። ያንን ሽብልቅ በደረቁ ለማውጣት 494 ኪሎ ግፊት ያስፈልጋል። ከጥጉ በወዲያኛው በኩል ብቅ ባለው ቀጭን አፉ ላይ አጭር ብረት ደግፎ፣ ሽብልቁ ከሚወጣበት አቅጣጫ ሰዎቹን ዘወር በሉ ብሎ፣ አንዴ መታው።