አራት ከረጢት ሲሚንቶ ለምን አልበቃንም? የውስጥ ግድግዳ ልስን ሒሳብ

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ልስን ነው። እኔ ግንበኛ አይደለሁም፣ በካምፕ ውስጥ ልጆች የማስተምር ሰው ነኝ። ነገር ግን አንዲት ክፍል ስናስለስን በሒሳብ ተሳስቼ የወላጆችን ገንዘብ ለሁለተኛ ጉዞ አስወጥቻለሁ። እናንተም ቤታችሁን ወይም ክፍላችሁን ለማስለሰን ስታስቡ ያው ስህተት እንዳይደርስባችሁ ነው የምነግራችሁ።

ክፍሏ በብሎኬት የተሠራች ናት፤ ርዝመቷ 6 ሜትር፣ ስፋቷ 5 ሜትር፣ ቁመቷ 2.5 ሜትር። ከብሎኬቱ የሚራገፈው አቧራ ልጆቹን እያሳለ ስላስቸገረ ወላጆች ገንዘብ አዋጡና ውስጡን ለማስለሰን ተስማማን። እኔ ለወረቀት ጉዳይ ጅቡቲ ከተማ ስለምወርድ ሲሚንቶውን ገዝቼ በሚመለስ መኪና እንድጭን አደራ ተሰጠኝ።

ማዕከላዊ ገበያ፣ ከሐሙዲ መስጊድ ብዙም ሳልርቅ፣ አንድ የግንባታ ዕቃ የሚሸጡ አዛውንት አገኘሁ። አማርኛ ይችላሉ። «አራት ከረጢት ሲሚንቶ ስጡኝ» አልኳቸው። «ለምን ሥራ ነው?» አሉኝ። «ለልስን፣ 50 ካሬ»። «ውፍረቱስ?» «አንድ ሳንቲ»። ትንሽ ዝም ብለው «ግድግዳውን በክር ለክተኸዋል ወይስ ከራስህ ነው?» አሉኝ። እውነቱን ለመናገር ከራሴ ነበር። አራቱን ገዝቼ ሄድኩ። ሦስቱ ግድግዳ ተለስኖ አራተኛው፣ ረጅሙ፣ እንዳለ ባዶውን ቀረ።

ስህተቱ የት ላይ እንደነበር ለማየት ሒሳቡን ከመጀመሪያው እንሥራው።

መጀመሪያ ስፋቱን እናውጣ። የክፍሏ ዙሪያ 6 + 5 + 6 + 5 = 22 ሜትር ነው። በቁመቱ በ2.5 ስናባዛው 55 ካሬ ሜትር ይሆናል። ከዚህ ላይ በሩ 2 ካሬ፣ ሁለቱ መስኮቶች ደግሞ በአንድነት 3 ካሬ ይቀነሳሉ። የሚለሰነው 50 ካሬ ሜትር ነው። እስከዚህ ድረስ የእኔ ሒሳብ ትክክል ነበር።

የተሳሳትኩት ውፍረቱ ላይ ነው። ብሎኬት ሲደረደር አንዱ ወጣ፣ አንዱ ገባ ይላል። ልስኑ ቀጥ እንዲል ከተፈለገ የገባው ቦታ ሁሉ መሞላት አለበት። ስለዚህ ውፍረቱን የሚወስነው ግድግዳው ነው እንጂ የእኛ ፍላጎት አይደለም። ኋላ ላይ ግንበኛው ጋሼ እንዴት እንደሚለካ አሳየኝ። ከግድግዳው ግራና ቀኝ ምስማር መታና ልስኑ ሲያልቅ ፊቱ የሚደርስበት ቦታ ላይ ክር ወጠረ። ምስማሮቹን በቱንቢ አስተካከላቸው። ከዚያ ከክሩ እስከ ብሎኬቱ ያለውን ክፍተት ከላይ፣ ከመሀልና ከታች በማስመሪያ ለካን። የሆነ ቦታ 8 ሚሊ ሜትር፣ የሆነ ቦታ 25 ሚሊ ሜትር ወጣ። ደምረን በለካንበት ቦታ ብዛት ስናካፍለው 15 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም አንድ ሳንቲ ተኩል ሆነ። በነገራችን ላይ 25 ሚሊ የሆነውን ጉድጓድ በአንድ ጊዜ መሙላት አይገባም። ወፍራም ልስን በራሱ ክብደት ይንሸራተታል፣ ሲደርቅም ይሰነጠቃል። ጉድጓዱ ቀድሞ ይሞላና ከጠነከረ በኋላ ነው ሁለተኛው የሚደረበው።

አሁን 50 ካሬን በ0.015 ሜትር እናባዛ፦ 0.75 ሜትር ኩብ። በብሎኬቶቹ መካከል ለሚገባውና መሬት ላይ ለሚፈሰው አንድ አምስተኛ እንጨምር፦ 0.9 ይሆናል። ሌላም ጭማሪ አለ። ደረቅ አሸዋና ሲሚንቶ ውሃ ሲነካቸው መጠናቸው ይቀንሳል፣ ምክንያቱም ሲሚንቶው በአሸዋው ቅንጣቶች መካከል ያለውን ክፍተት ይሞላል። ስለዚህ በ1.3 እናባዛለን፦ 1.17 ሜትር ኩብ ደረቅ ዕቃ ያስፈልጋል።

ጋሼ የተጠቀመው ልክ አንድ እጅ ሲሚንቶ ለአምስት እጅ አሸዋ ነው፣ ድምሩ ስድስት እጅ። 1.17ን ለስድስት ስናካፍል 0.195 ሜትር ኩብ ሲሚንቶ እናገኛለን። አንድ ሜትር ኩብ ሲሚንቶ ወደ 1,440 ኪሎ ስለሚመዝን ይህ 281 ኪሎ ነው፤ በባለ 50 ኪሎው ከረጢት አምስት ከግማሽ አልፎ ስድስት ይገዛል። አሸዋው የሲሚንቶው አምስት እጥፍ፣ ወደ 975 ሊትር ነው፤ በባለ 20 ሊትር ጀሪካን 49 ያህል። በአንድ ሳንቲ ብናስበው ግን አራት ከረጢት ይበቃ ነበር። አያችሁ፣ ግማሽ ሳንቲ ልዩነት ሁለት ከረጢት በላች። ሁለት ሳንቲ ቢሆን ስምንት ከረጢት ይሆን ነበር።

ነገሩን ለማሳጠር እኔ አሁን የምጠቀምበት ይህ ነው፦ ካሬውን በሚሊ ሜትር ውፍረቱ አባዙ። ያንን በ0.375 ስታባዙት የሲሚንቶው ኪሎ፣ በ1.3 ስታባዙት ደግሞ የአሸዋው ሊትር ይወጣል። ለእኛ 50 × 15 = 750 ነው፤ ቀሪውን ሞክሩት፣ ከላይ ያለው ቁጥር ይመጣላችኋል። የሚሠራው ግን ለአንድ ለአምስት ቡኬት ብቻ ነው።

ውሃስ? ለአንድ ከረጢት ወደ 35 ሊትር ይሄዳል፣ እንደ አሸዋው እርጥበት ከፍ ዝቅ ይላል። ለእኛ ወደ 200 ሊትር፣ አሥር ጀሪካን ማለት ነው። ቡኬቱ በካዙላ ላይ ሳይፈስ ከቆመ ይበቃል። በዚህ ሙቀት ቶሎ ስለሚጠነክር በአንድ ጊዜ ከግማሽ ከረጢት በላይ አታቡኩ። የጠነከረውን ውሃ ጨምሮ ማለስለስ ልስኑን ያደክመዋል። ውሃው ጨዋማ ከሆነ ወይም አሸዋው ከባሕር ዳር የመጣ ከሆነ ደግሞ ግድግዳው ነጭ ዱቄት ያወጣና ይላጣል።

ብዙዎቻችን የምንረሳው ግን ከልስኑ በኋላ ያለውን ውሃ ነው። ሲሚንቶ የሚጠነክረው ውሃ እየጠጣ እንጂ እየደረቀ አይደለም። ስለዚህ ለሰባት ቀን ጠዋትና ማታ መርጨት ያስፈልጋል። ለአንድ ካሬ በአንድ ጊዜ አንድ ሊትር ብናስብ በቀን 100 ሊትር፣ በሳምንት 700 ሊትር ይመጣል። ለማቡካት ከሄደው ከሦስት እጥፍ በላይ ነው! ውሃ በወረፋ ለሚቀዳበት ቦታ ይህ ቀላል አይደለም። እኛ በር ና መስኮቱን በጆንያ ጋረድን፣ ተማሪዎችም በየተራ ረጩ። በመጀመሪያው ቀን ሳይረጭ የዋለው አንድ ጥግ ግን ዛሬ በጥፍር ሲፋቅ አሸዋው ይረግፋል፤ በጣት ሲንኳኳም እንደ ባዶ ቆርቆሮ ይጮኻል። ሌላው ግድግዳ ድምፁ ድፍን ነው።

ሁለቱን ከረጢት ልገዛ ስመለስ አዛውንቱ አውቀውኛል። «አሁንስ ለካኸው?» አሉኝ። «አዎ አባባ፣ በክር» አልኳቸው።