አናባቢ አናባቢን ይስባል

ቱርኮች ቤትን «ኤቭ» ይሉታል። ቤቶች ሲሉ «ኤቭሌር»፣ ቤቶቼ ሲሉ «ኤቭሌሪም»፣ ቤቶቻችን ሲሉ ደግሞ «ኤቭሌሪሚዝ» ነው። እስከዚህ ድረስ አማርኛ ተናጋሪን የሚያስደነግጥ ነገር የለም። እኛም ቤት ላይ «ኦች»ን፣ በዚያ ላይ «ኣችን»ን ደርበን «ቤቶቻችን» እንላለን፤ ቅደም ተከተሉም ያው ነው። መንገዳችን የሚለያየው «በቤቶቻችን» ለማለት ስንፈልግ ነው። አማርኛ «በ»ን ከፊት ያስቀድማል፤ ቱርክኛ ግን «ዴ»ን ከኋላ ቀጥሎ «ኤቭሌሪሚዝዴ» ይላል።

በዚህ አያበቃም። «ኪ» ስትጨመር «ኤቭሌሪሚዝዴኪ»፣ ማለትም በቤቶቻችን ያለው፣ ይሆናል። እንደገና ብዙ ቁጥር ሲሰጠው «ኤቭሌሪሚዝዴኪሌር»፣ በቤቶቻችን ያሉት። መጨረሻ ላይ «ዴን» ከገባ ደግሞ «በቤቶቻችን ካሉት» የሚለው ሐሳብ በአንድ ቃል ያልቃል፤ «ኤቭሌሪሚዝዴኪሌርዴን»። ቃሉ ቢረዝምም አያስፈራም። እያንዳንዱ ቅጥያ አንድ ሥራ ብቻ አለው፤ ቦታውንም አይለቅም። ሥሩም «ኤቭ» እንደሆነ ይቀራል፤ እንደ እኛ ሰበረ፣ ይሰብራል፣ ስብራት እያለ ውስጡን አይለዋውጥም።

አሁን «ኤቭ»ን በ«ኦዳ» እንተካ፤ ክፍል ማለት ነው። ጀማሪ ተማሪ ያጠናውን ይዞ «ኦዳሌር» ይላል። ሰሚው ይረዳዋል፤ ጆሮው ግን ይቆረቁረዋል። ትክክለኛው «ኦዳላር» ነው። ክፍሎቻችን «ኦዳላርምዝ»፣ በክፍሎቻችን «ኦዳላርምዝዳ» ይባላል። «ሌር» ወደ «ላር»፣ «ዴ» ወደ «ዳ» ተለወጠ። ትርጉሙ ግን ቅንጣት አልተነካም።

ምክንያቱ ምላስ ነው። ኤ እና ኢ ስንል ምላሳችን ወደ ፊት ይገፋል፤ ኣ፣ ኦ እና ኡ ስንል ወደ ኋላ ይሸሻል። ቱርክኛ ምላስ በአንድ ቃል ውስጥ ወዲህና ወዲያ እንዳይመላለስ ይፈልጋል። ስለዚህ ቅጥያው ከእሱ በፊት ያለውን የመጨረሻ አናባቢ ይከተላል፤ የፊት ከሆነ «ሌር»፣ የኋላ ከሆነ «ላር»።

ቋንቋው ስምንት አናባቢዎች አሉት፤ በ1928 የላቲን ፊደል ሲታወጅ ለስምንቱም ለየራሳቸው ፊደል ተሰጣቸው። ከአራቱ የኋላ አናባቢዎች አንዱ ለእኛ ሳድስ በጣም ይቀርባል። ሌሎች ተማሪዎች የሚታገሉበትን ይህን ድምፅ አማርኛ ተናጋሪ ከሞላ ጎደል በአፉ ይዞ ይመጣል። «ኦዳላርምዝ» ውስጥ ያሉት «ር» እና «ም» በዚሁ ድምፅ ይነበባሉ። ለእኛ አዲስ የሆኑት ሁለት የፊት ድምፆች ናቸው። አንዱ ምላስን ለኤ፣ ከንፈርን ለኦ በማድረግ፣ ሌላው ምላስን ለኢ፣ ከንፈርን ለኡ በማድረግ ይወጣሉ።

ከንፈርም የራሱ ድርሻ አለው። «የእኔ» የሚለው ቅጥያ አራት መልክ አለው። ቤቴ «ኤቪም»፣ ልጄ (ሴት) «ክዝም»፣ ትምህርት ቤቴ ደግሞ «ኦኩሉም» ነው። «ኦኩል» በሚለው ቃል ከንፈር ስለሞጠሞጠ ቅጥያውም አብሮ ይሞጠሙጣል። አራተኛው መልክ ከሁለቱ አዳዲስ ድምፆች በአንዱ ለሚያልቅ ቃል ነው።

ብዙ የመማሪያ መጻሕፍት ሳያብራሩት የሚያልፉት፣ ለእኔ ግን የሕጉ ቁልፍ የሆነው ነጥብ ይህ ነው፦ ቅጥያ የሚያየው ሥሩን ሳይሆን የቅርብ ጎረቤቱን ነው። «ኪ» በአብዛኛው መልኳን የማትለውጥ ቅጥያ ናት። በክፍሎቻችን ያሉት ለማለት «ኦዳላርምዝዳኪሌር» ይባላል። መሐል ላይ «ላር» የነበረው፣ «ኪ» ጣልቃ ከገባች በኋላ «ሌር» ሆነ። በግስም እንዲሁ ነው። «ጌሊዮር» ይመጣል ማለት ሲሆን «ዮር» ግትር ስለሆነ፣ ይመጣሉ ለማለት «ጌሊዮርላር» እንጂ «ጌሊዮርሌር» አይባልም።

ቱርኮች ለጨዋታ የሚጠቅሱት አንድ ረጅም ቃል አለ፤ «ቼኮስሎቫክያልላሽትራማድክላርምዝዳን»። ቼኮስሎቫኪያዊ ልናደርጋቸው ካልቻልናቸው ሰዎች ማለት ነው። «ል» የዚያ አገር ሰው፣ «ላሽ» መሆን፣ «ትር» ማድረግ፣ «ኣማ» አለመቻል፣ «ድክ» ግሱን ወደ ስም የሚያዞር፣ «ላር» ብዙ ቁጥር፣ «ምዝ» የእኛ፣ «ዳን» ከ። ከአገሩ ስም መጨረሻ «ያ» ጀምሮ ሁሉም የኋላ አናባቢ ነው። በዕለት ንግግር እንዲህ የሚረዝም ቃል አይሰማም፤ አሠራሩ ግን ከ«ኤቭሌሪሚዝዴ» አይለይም።

ሕጉ የሚሰናከለው በተዋሱት ቃላት ላይ ነው። «ዮል»፣ መንገድ፣ የቱርክኛ ቃል ስለሆነ ብዙ ቁጥሩ «ዮልላር» ነው። የእግር ኳሱ «ጎል» ግን «ጎልሌር» ይባላል፤ አናባቢው ያው ኦ ቢሆንም የተውሶ ቃሉ «ል» ምላስን ወደ ፊት ስቦ ስለሚነገር ነው። ከዓረብኛ የመጣው «ሳኣት»፣ ሰዓት፣ «ሳኣትሌር» ይሆናል። እነዚህን በሕግ መገመት አይቻልም። ጥሩ መዝገበ ቃላት ከእንዲህ ያለ ቃል ጎን ቅጥያውን ስለሚጽፍ፣ ቃሉን ከነቅጥያው ማጥናት ይሻላል።