ለዘገየ ኪራይ የሚጻፍ አጭር ፈረንሳይኛ

ፈረንሳይ ውስጥ የቤት ኪራይ የሚከፈለው አብዛኛውን ጊዜ ወሩ እንደገባ ነው። ቀኑ በኪራይ ውሉ ላይ ተጽፏል፤ በ1 ወይም በ5 የሚል ውል ብዙ ነው። ደመወዝ ግን ሁልጊዜ ከዚያ ቀን ቀድሞ አይደርስም። ሥራ የቀየረ ሰው አዲሱ ቤት ወር ሙሉ ሠርቶ ነው የሚከፈለው። በጊዜያዊ ቅጥር፣ እነሱ ኢንተሪም በሚሉት፣ የሚሠራ ሰው ደግሞ ያለፈው ወር ክፍያው እስከ አዲሱ ወር 10 እና 12 ድረስ ሊጎተትበት ይችላል። ፓሪስና ዙሪያዋ ያሉ ወገኖቻችን ይህችን ሳምንት በደንብ ያውቋታል፤ ኪራዩ ደርሷል፣ ገንዘቡ በመንገድ ላይ ነው፣ ስልኩ እጃቸው ላይ ነው፣ የሚጻፈው ግን አልመጣም።

ብዙዎች በዚህ ጊዜ ይሉኝታ ይይዛቸውና ዝም ይላሉ። ገንዘቡ ሲገባ ከፍዬ ያኔ ይቅርታ እጠይቃለሁ ይላሉ። አከራዩ የሚያየው ግን በባንክ ሒሳቡ ላይ ያልገባውን ገንዘብ ብቻ ነው። አንድ ወይም ሁለት ቤት የሚያከራየው ግለሰብ ብዙ ጊዜ ቤቱን በብድር የገዛ ሰው ነው፤ ኪራዩ ገባም አልገባም ባንኩ ወርሃዊ ክፍያውን ይወስዳል። ላልተከፈለ ኪራይ መድን የገባ ከሆነም መድን ሰጪው በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ማስጠንቀቂያ እንዲልክ ያስገድደዋል፤ ካልላከ ካሳውን ሊያጣ ይችላል። ለዚህም ነው ትሑት የሚባል አከራይ ሳይቀር አንዳንዴ በአደራ ደብዳቤ የሚጽፈው። ደብዳቤው ሲመጣ ጠላትነት ተደርጎ መወሰድ የለበትም።

አንድ ጉዳይ እንውሰድ። አንዲት ተከራይ በወር 640 ዩሮ የምትከራየው አንድ ክፍል ቤት አላት። ክፍያው በየወሩ በ5 ነው። ዛሬ ማክሰኞ ማርች 3 ነው። ደመወዟ በዚህ ወር የሚገባው ሐሙስ በ12 መሆኑን ከቀጣሪዋ አረጋግጣለች። በእጇ ያለው ከምግብና ከመጓጓዣ የሚተርፍ 300 ዩሮ ነው። አከራይዋ ሴት ናቸው፤ መልእክቱ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

```
Bonjour Madame,
Mon salaire arrive ce mois-ci le 12. Je ne pourrai donc
pas payer tout le loyer de mars (640 €) le 5.
Je vous vire 300 € aujourd'hui et les 340 € restants
au plus tard le vendredi 13 mars.
Je vous prie de m'excuser pour ce retard.
Bien cordialement,
Prénom Nom, studio du 2e étage
```

በአማርኛ ሲነበብ ይህን ይላል፦ «ጤና ይስጥልኝ እመቤቴ። ደመወዜ በዚህ ወር የሚገባው በ12 ነው። ስለዚህ የማርችን ኪራይ፣ 640 ዩሮውን፣ በ5 ሙሉ በሙሉ መክፈል አልችልም። ዛሬ 300 ዩሮ አስተላልፋለሁ፤ የቀረውን 340 ዩሮ ደግሞ ቢዘገይ ዓርብ ማርች 13 አስገባለሁ። ስለ መዘግየቱ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ከአክብሮት ጋር።» ከዚያ ስሟንና የምትኖርበትን ክፍል ትጽፋለች፤ ሁለት ሦስት ቤት ለሚያከራይ ሰው ይህ ይጠቅማል።

ይቅርታው አንድ መስመር ብቻ መሆኑ ለእኛ ጆሮ ደረቅ ሊመስል ይችላል። በእኛ ልማድ ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው አስቀድሞ ስለ ጤና ይጠይቃል፣ ችግሩን ይዘረዝራል፣ ፈጣሪን ይጠራል፤ ነገሩ ከከበደም ሽማግሌ ይልካል። የፈረንሳይ አከራይ ግን መልእክቱን ሲከፍት የሚፈልገው ሦስት ነገር ነው፦ የየትኛው ወር ኪራይ ነው፣ ስንት ነው የሚጎድለው፣ መቼ ነው የሚገባው። እነዚህ ከሌሉ የቀረው ሁሉ አያረካውም። «ብዙ ችግር አለብኝ፣ በቅርቡ እከፍላለሁ» የሚል መልእክት የቱንም ያህል ከልብ ቢጻፍ አከራዩን እንደ ዝምታው ያህል ያሳስበዋል፤ «በቅርቡ» ቀን የለውምና።

ምክንያቱን በተመለከተም አንድ ሐረግ ይበቃል። «ደመወዜ በ12 ይገባል» የሚለው ለምን እንደዘገየና መቼ እንደሚስተካከል በአንድ ጊዜ ይናገራል። ሕመምን፣ የቤተሰብ ጣጣን፣ አገር ቤት የተላከ ገንዘብን መዘርዘር አያስፈልግም። አከራዩ እነዚህን የማወቅ መብት የለውም፤ ተከራይዋም ከመጠን በላይ ስትናገር በሚቀጥለው ወር እንደገና ትዘገያለች የሚል ሥጋት ታሳድራለች።

ስለ አጻጻፉ ሁለት ነገር። ሰላምታው፣ ቦንዡር የሚለው፣ ሊቀር አይገባም፤ ያለ እርሱ የተጀመረ መልእክት ለፈረንሳዊ ትእዛዝ ሆኖ ይሰማዋል። ከዚያም መልእክቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በ«ቩ» ይጻፋል፤ አከራዩ በዕድሜ ታናሽ ቢሆንም፣ ደረጃ ላይ ሲገናኙ በፈገግታ የሚጨዋወቱ ቢሆኑም። ለይቅርታው የተመረጠው «ዠ ቩ ፕሪ ደ ሜክስኪዜ» ይቅርታውን ከአንባቢው የሚለምን አነጋገር ስለሆነ ከሌሎቹ አጫጭር መንገዶች ይልቅ ጨዋነት አለው፤ ወንድም ሴትም ሳይለውጡ ይጽፉታል።

ከሁሉ በላይ ግን ጥንቃቄ የሚፈልገው ቀኑ ነው። ተከራይዋ ደመወዟ በ12 እንደሚገባ እያወቀች 13 ብላ ጻፈች። ተራ የባንክ ዝውውር በሥራ ቀን ቢላክ በማግስቱ ሊደርስ ይችላል፤ ቅዳሜና እሑድ ግን ይቆማል። አከራይዋን በባንኳ መተግበሪያ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትመዘግብ ከሆነ ደግሞ ብዙ ባንኮች አዲስ ተቀባይ ሲጨመር ለደኅንነት ሲሉ አንድ ሁለት ቀን ያስጠብቃሉ። ፈጣን ዝውውር በሰከንዶች ውስጥ ያደርሳል፤ ከ2025 ወዲህ በዩሮ አገሮች ባንኮች ከተራው ዝውውር የበለጠ ማስከፈል አይችሉም። ሆኖም በፈጣኑ ላይ ተማምኖ የደመወዙን ቀን ራሱን ቃል ከመስጠት አንድ ቀን መጨመር ይሻላል። ቀኑ ከነስሙ፣ «ዓርብ ማርች 13» ተብሎ መጻፉም አለምክንያት አይደለም። ፈረንሳዮች ሁለት ሳምንትን «15 ቀን»፣ አንድ ሳምንትን «8 ቀን» ማለት ልማዳቸው ነው። ስለዚህ «በ8 ቀን ውስጥ» ብሎ የጻፈ ሰውና ያነበበው ሰው ቀኑን ለየብቻ ሊቆጥሩት ይችላሉ።

መልእክቱ የተላከው ከ5 በፊት መሆኑም ክብደት አለው። በ3 የተላከው ማሳወቂያ ነው፤ በ9 ቢላክ ኖሮ ማስተባበያ ይሆን ነበር። 300 ዩሮው በዚያው ቀን መግባቱ ደግሞ ከይቅርታው ይበልጥ ይናገራል፤ አከራይዋ መልእክቱን አንብበው ሒሳባቸውን ሲያዩ የተባለው ግማሽ በግማሽ ተፈጽሞ ያገኙታል።

ተከራዮች ብዙ ጊዜ የማያስቡበት ነገር አለ፤ ይህች አጭር መልእክት ማስረጃ ናት። የፈረንሳይ ሰበር ሰሚ ፍርድ ቤት በ2007 በአንድ የሥራ ክርክር ላይ የስልክ መልእክት በማስረጃነት ተቀባይነት እንዳለው ወስኗል፤ የሚልከው ሰው ጽሑፉ በተቀባዩ ስልክ ላይ እንደሚቀር ሊያጣው አይችልም በማለት። ይህ በሁለት በኩል ይሠራል። ተከራይዋ አስቀድማ እንዳሳወቀች፣ ከፊሉንም ወዲያው እንደከፈለች ያሳያል። በሌላ በኩል ዕዳውን በጽሑፍ ማመኗ ነው። አከራይ ያልተከፈለ ኪራይ ለመጠየቅ ያለው ጊዜ 3 ዓመት ሲሆን ዕዳን በጽሑፍ ማመን ያንን ቆጠራ እንደ አዲስ ያስጀምረዋል። ለአንድ ወር ለዘገየ ኪራይ ይህ የሚያሳስብ አይደለም። ነገር ግን በአከራዩና በተከራዩ መካከል ስለ ውኃ ወይም ስለ ሕንፃው ወጪ ያልተቋጨ ክርክር ካለ ያንን ከዚህ መልእክት ጋር መደባለቅ አይገባም። የወሩን ኪራይ ብቻ መጻፍ፣ «ያለብኝን ሁሉ እከፍላለሁ» ከሚል የተዘረጋ ቃል መቆጠብ ነው።

ስለ ቅጣትም ማወቅ ይጠቅማል። ለመኖሪያ ቤት ኪራይ የሚሠራው የጁላይ 6 ቀን 1989 ሕግ፣ በ2014 ከተሻሻለ ወዲህ፣ አከራይ በውሉ ላይ የመዘግየት ቅጣት እንዳይጽፍ ይከለክላል፤ የማስታወሻ ደብዳቤ መላኪያ ወጪንም ተከራዩ ላይ መጫን አይቻልም። ስለዚህ ተከራይዋ ከይሉኝታ የተነሳ «ስለ መዘግየቱ 30 ዩሮ እጨምራለሁ» ማለት አያስፈልጋትም። 300 ዩሮውን ስትከፍል አከራይዋ የተቀበሉትን ያህል የሚገልጽ ደረሰኝ ሊሰጧት ይገባል። የወሩ ሙሉ ማረጋገጫ፣ ኪታንስ የሚባለው፣ 640ው ሲሞላ ከጠየቀች ያለ ክፍያ ይሰጣታል። ይህችን ወረቀት መያዝ አለባት፤ በሚቀጥለው ቤት ፍለጋ ላይ የሚቀጥለው አከራይ የመጨረሻዎቹን ሦስት ወራት ኪታንስ አሳዪኝ ሊላት ይችላል።

በ13 ጠዋት ገንዘቡን ስታስተላልፍ ሁለተኛ መልእክት ትጽፋለች፤ ይህኛው አንድ መስመር ነው፦

```
Bonjour Madame, le virement de 340 € est fait ce matin.
Merci de votre patience.
```

«340 ዩሮው ዛሬ ጠዋት ተልኳል፤ ስለ ትዕግሥትዎ አመሰግናለሁ» ማለት ነው። ይህ መልእክት ሲቀር አከራይዋ በየሰዓቱ ሒሳባቸውን እያዩ ይጠብቃሉ። ደመወዙ ራሱ ከ12 ካለፈ ደግሞ 13 እስኪደርስ ሳይጠበቅ በ12 ማታ አዲስ ቀን መጻፍ ይሻላል። አንዴ የተቀየረ ቀን ይታለፋል፤ ሁለተኛው ከተቀየረ ግን ጉዳዩ ከስልክ መልእክት በላይ ሆኗል።

ያኔ የሚያስፈልገው በሁለቱም የሚፈረም የክፍያ ዕቅድ ነው፤ ቀሪው ዕዳ በየወሩ ከኪራዩ ጋር ስንት እየተጨመረ እንደሚከፈል የሚዘረዝር ወረቀት። ቤቱን የሚያስተዳድረው ኤጀንሲ ወይም የማኅበራዊ ቤቶች ድርጅት ከሆነም የስልክ መልእክት በቂ አይደለም፤ የተከራይ ቁጥር ተጠቅሶ በኢሜይል ወይም በደብዳቤ ይጻፋል። ዋስ ያለው ሰው ለዋሱ ቀድሞ ቢነግረው መልካም ነው፤ አከራዩ ገንዘቡን ከእርሱ የመጠየቅ መብት አለው፤ ዋሱም ወሬውን ከሌላ ሰው መስማት የለበትም።

አከራዩ ታግሦ ታግሦ ወደ ሕግ ከሄደ የፍርድ አስፈጻሚ የክፍያ ትእዛዝ ይዞ ይመጣል። ከ2023ቱ ሕግ በኋላ በተፈረሙ ውሎች ትእዛዙ ከደረሰ ጀምሮ ዕዳውን ለመክፈል ያለው ጊዜ 6 ሳምንት ነው፤ ከዚያ በፊት በተፈረሙት ውሎች 2 ወር የሚል ብዙ ነው። ከኖቬምበር 1 እስከ ማርች 31 ባለው የክረምት እፎይታ ከቤት ማስወጣት በመርሕ ደረጃ ቢቆምም ዕዳው አይቆምም፤ የፍርድ ቤቱ ሂደትም ይቀጥላል። እንዲህ ያለው ወረቀት የደረሰው ሰው ያን ዕለት ወደ አዲል መደወል አለበት፤ በየአካባቢው ስለ ቤት ሕግ በነፃ የሚያማክር ቢሮ ነው። ላልተከፈለ ኪራይ የተዘጋጀው ነፃ የስልክ መስመር 0805 16 00 75 ወደ ቅርቡ ቢሮ ያገናኛል፤ ኤፍ ኤስ ኤል የሚባለው የየክፍለ ሀገሩ የቤት ድጋፍ ፈንድ ለመርዳት ይችል እንደሆነም እዚያ ይነገራል።