ምዕራፍ ሁለት ለምን ዝርዝር ይሆናል?

የማስተርስ መመረቂያ ጽሑፍ ያገላበጠ ሰው ምዕራፍ ሁለትን ያውቀዋል። እገሌ በዚህ ዓመት እዚህ ቦታ ጥናት አካሄደ፣ ያገኘው ውጤት ይህ ነው ይልና ቀጣዩ አንቀጽ ሌላ እገሌ ይዞ ይመጣል። አማካሪው «ይህ ዝርዝር ነው፤ አዋህደው» ብሎ ይመልሰዋል። ተማሪው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በየአንቀጹ መግቢያ ላይ «በተጨማሪም»፣ «በሌላ በኩል»፣ «በተመሳሳይ ሁኔታ» ጨምሮበት ያስረክባል። ይህ ነገሩን ያብሰዋል እንጂ አያሻሽለውም፤ ማያያዣ ቃል የሚያያይዘው ነገር ከሌለ ጌጥ ነው።

መፍትሔው ያለው ከመጻፍ በፊት ነው። በአንድ እውነተኛ ርእስ እንየው። አነስተኛ ብድር የድሃ ቤተሰብን ኑሮ ያሻሽላል ወይ የሚለው ጥያቄ ተመራማሪዎችን ብዙ አከራክሯል። በ2015 እ.ኤ.አ. አንድ የአሜሪካ የኢኮኖሚክስ መጽሔት በህንድ፣ በሞሮኮ፣ በሜክሲኮ፣ በሞንጎሊያ፣ በቦስኒያና በኢትዮጵያ የተካሄዱ ስድስት ጥናቶችን በአንድ እትም አወጣ። የኢትዮጵያው በአማራና በኦሮሚያ ክልሎች፣ በ133 የገበሬ ማኅበራት ላይ የተሠራ ነው። እነዚህን ጥናቶች ያነበበ ተማሪ መጀመሪያ የሚጽፈው እንዲህ ያለ አንቀጽ ነው፦

«ባነርጂና ሌሎች (2015) በሃይደራባድ ከተማ 104 ሰፈሮች ባካሄዱት ጥናት ነባር ንግዶች መስፋታቸውን፣ የቤተሰብ ፍጆታ ግን ጉልህ ለውጥ አለማሳየቱን አረጋግጠዋል። ክሬፖንና ሌሎች (2015) በሞሮኮ ገጠር ባካሄዱት ጥናት ተበዳሪዎች የራሳቸውን ሥራ ማስፋታቸውን አግኝተዋል። ታሮዚና ሌሎች (2015) በኢትዮጵያ ባካሄዱት ጥናት የተበዳሪው ቁጥር መጨመሩን፣ ገቢ ግን እምብዛም አለመለወጡን ገልጸዋል።»

እዚህ ውስጥ ስህተት የለም። ግን ሦስተኛውን ዓረፍተ ነገር ወደ መጀመሪያ ብናመጣው ምን ይጎድላል? ምንም። ዓረፍተ ነገሮቹ ቦታ ተለዋውጠው ምንም የማይፈርስ ከሆነ አንዱ ሌላውን አልተደገፈም፣ አልተቃወመም፣ አላብራራም ማለት ነው። የሁሉም ባለቤት የተመራማሪው ስም መሆኑንም ልብ በሉ።

ወደ ጥገናው እንሂድ። አንድ ወረቀት ወስዶ ሰንጠረዥ መሥራት ያስፈልጋል። ጥናቶቹ በረድፍ ይደረደራሉ፤ ዓምዶቹ ግን ጥያቄዎች ይሆናሉ። ለዚህ ርእስ አራት ይበቃሉ፦ ማን ከማን ጋር ተነጻጸረ? ሥራው ምን ሆነ? ቤት ውስጥ ምን ተለወጠ? ተመራማሪዎቹ ለምን ነው አሉ? አራተኛው ዓምድ መጀመሪያ ላይ ባዶ የሚቀረው ብዙ ጊዜ የጥናቱ አጠቃሎ ብቻ ስለተነበበ ነው። ለመሙላት ውስጥ መግባት ግድ ነው።

ሰንጠረዡ ሲሞላ ወደ ጎን ሳይሆን ወደ ታች ይነበባል። ወደ ጎን ካነበብነው ያው የድሮውን ዝርዝር እናገኛለን። «ሥራው ምን ሆነ» የሚለውን ዓምድ ወደ ታች ስናነብ ሃይደራባድና ሞሮኮ ላይ ሥራ ሰፍቷል፤ ኢትዮጵያ ላይ አልሰፋም። «ቤት ውስጥ» የሚለው ዓምድ ደግሞ በአብዛኛው ዝም ያለ ነው፤ በሞንጎሊያ በቡድን የተበደሩ ሴቶች ቤት ምግብ መሻሻሉ ጎልቶ ይታያል። አራተኛው ዓምድ ላይ ሞሮኮ አንድ ነገር ትነግረናለች፦ ሰዎቹ በራሳቸው ሥራ ሲጠመዱ ለሌላ ሰው በደመወዝ የሚሠሩበትን ቀን ቀንሰዋል። አሁን የሚባል ነገር ተገኘ፦

«አነስተኛ ብድር ሥራን ሊያሰፋ ይችላል፤ ሥራው ሰፋ ማለት ግን የቤተሰቡ ኑሮ ተሻሻለ ማለት አይደለም። በሃይደራባድ ነባር ነጋዴዎች፣ በሞሮኮ ገጠር ደግሞ ከብት አርቢዎችና ገበሬዎች ሥራቸውን አስፍተዋል፤ በሁለቱም ቦታ የቤተሰቡ ፍጆታ በጉልህ አልጨመረም (ባነርጂና ሌሎች፣ 2015፤ ክሬፖንና ሌሎች፣ 2015)። ትርፉ የት እንደገባ የሞሮኮው ጥናት ያሳያል፦ ከራስ ሥራ የተገኘው ጭማሪ የደመወዝ ሥራ በመቀነሱ ተጣፍቷል። በአማራና በኦሮሚያ ገጠር ግን ጭማሪው ራሱ አልታየም፤ የተበዳሪው ቁጥር በግልጽ ቢያድግም ከእርሻም ሆነ ከንግድ የሚገኘው ገቢ እምብዛም አልተለወጠም (ታሮዚና ሌሎች፣ 2015)።»

አንድም «በተጨማሪም» የለም። «ትርፉ የት እንደገባ» የሚለው ከፊቱ ያለውን ዓረፍተ ነገር ይዞ ነው የሚነሳው፤ «ጭማሪው ራሱ» የሚለውም እንደዚያው። አሁን ዓረፍተ ነገሮቹን ብናቀያይር አንቀጹ ይፈርሳል። ስሞቹ ወደ ቅንፍ ገብተዋል፤ የሞሮኮው ብቻ ወጥቶ የቆመው ማብራሪያውን የሚሰጠው እርሱ ስለሆነ ነው። 104 የሚለው ቁጥርም ቀርቷል። ያን ሁሉ ገጽ ላነበበ ሰው ይህ ያማል፤ ግን ቁጥሩ ለዚህ ክርክር ምንም አይሠራም።

ማዋሃድ ሲባል ግን ሁሉንም በአንድ ጆንያ መክተት እንዳይመስል። የቦስኒያው ጥናት የመረመረው በተለመደው መስፈርት ብድር ሊከለከሉ ይችሉ የነበሩ አመልካቾችን ነው፤ የሃይደራባዱ ያነጻጸረው ብድር የገባበትን ሰፈር ካልገባበት ጋር ነው። ውጤታቸው ቢለያይ «ተቃረኑ» ከማለት በፊት የተጠየቁት ሰዎች አንድ ዓይነት እንዳልሆኑ መናገር ይገባል። የሰንጠረዡ የመጀመሪያ ዓምድ የሚጠቅመው እዚህ ነው።

ሌላው፣ ከሁሉም የሚብሰው ስህተት፣ ድምፅ መቁጠር ነው፦ ይህን ያህሉ ለውጥ አላገኙም፣ ስለዚህ ለውጥ የለም። በሃይደራባድ ብድሩ በገባባቸው ሰፈሮች ከአነስተኛ ብድር ተቋማት የተበደረው ቤተሰብ 27 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ ባልገባባቸው ሰፈሮችም 18 በመቶ ገደማ ከሌሎች ተቋማት ተበድሯል። ልዩነቱ ይህን ያህል ጠባብ ሆኖ የሰፈሩ ሁሉ አማካይ ሲሰላ፣ ተበዳሪዎቹ ያገኙት መጠነኛ ጥቅም ሊሰወር ይችላል። ስለዚህ «ለውጥ አልታየም» እንጂ «ለውጥ የለም» ተብሎ አይጻፍም። ሬቸል ሚገር በ2019 የሰባት ጥናቶችን መረጃ አንድ ላይ ስትተነትን፣ ውጤቱ ከአገር አገር የሚለያየው ጥናቶቹ በየራሳቸው ሲነበቡ ከሚመስለው ያነሰ መሆኑን አሳይታለች። ይህ ከሰባቱ ቀጥሎ የሚደረደር ስምንተኛ ጥናት አይደለም፤ ሰባቱ እንዴት እንደሚነበቡ የሚነግር ነው፤ ቦታውም እነርሱን በሚመዝነው አንቀጽ ላይ ነው።

የዓመት ቅደም ተከተልም እንዲሁ ያሳስታል። የፒትና ካንድከር የ1998 የባንግላዴሽ ጥናት ለሴቶች የተሰጠ ብድር የቤተሰብን ፍጆታ እንደሚያሳድግ ተናግሮ ብዙ ተጠቅሷል። ሩድማንና ሞርዳክ ያንኑ መረጃ እንደገና መርምረው መደምደሚያው እንደማይጸና በ2014 አሳተሙ። በዓመት ከተደረደሩ በመካከላቸው ብዙ ገጽ ይገባል። ጎን ለጎን ሲቀመጡ ግን ተመራማሪዎች ብድሩ የሚገባበትን ሰፈር በዕጣ ወደመምረጥ ለምን እንደዞሩ ያስረዳሉ።

እንግዲህ በአማራ ክልል አንድ ወረዳ ስለሴት ተበዳሪዎች የምታጠና ተማሪ ምዕራፉን በዚህ መንገድ ጠግናዋለች እንበል። የመጨረሻው አንቀጿ «በዚህ ወረዳ የተሠራ ጥናት የለም» ብሎ አያበቃም፤ ያ ክፍተት በየወረዳው አለ። ሞሮኮ ላይ የደመወዝ ሥራ ትርፉን በልቶታል፤ የኢትዮጵያው ጥናት ላይ ደግሞ ትርፉ ራሱ አልታየም። እርሷ ተበዳሪዎቿን መጠየቅ ያለባት ገንዘቡ ከመጣ ወዲህ እርሷም ባሏም ልጆቿም በሳምንት ስንት ቀን የት እንደሚሠሩ ነው፤ መጠይቋ ላይ ይህ ካልተካተተ ሳይረፍድ መጨመር ይኖርባታል።